ውሃ የሌለው የፓምፕ ጣቢያ፦ የፒኤልሲ ፕሮግራምን ጠረጴዛ ላይ መፈተን

ድሬዳዋ የምትጠጣው ከመሬት በታች ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሲሞላ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደታየው ጎርፍ ይዞ ይመጣል እንጂ የሚቀዳ ውሃ አይሰጥም። ስለዚህ ከተማዋ የምትኖረው በጉድጓድ፣ በተለይም በሳቢያን በኩል ባሉት ጉድጓዶች ነው። ውሃው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ይወጣል፣ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም እንደገና ተገፍቶ ከፍ ብለው ወደተሠሩት ሪዘርቫየሮች ይሄዳል። ይህን ሰንሰለት የሚያዘው መቆጣጠሪያ ሲሳሳት ቧንቧ ይደርቃል፣ ወይም ደግሞ የሚገፋው ፓምፕ ያለ ውሃ እየተሽከረከረ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ላለ ጣቢያ የፒኤልሲ ፕሮግራም ጽፈው፣ ፓነሉ ከመገጠሙ በፊት ሊፈትኑት ለሚፈልጉ ነው። ጣቢያው ላይ መፈተን አስቸጋሪ ነው። የሙቀት ወራት ላይ ከተማ ለግማሽ ቀን ውሃ ይቋረጥባት የሚል ኃላፊ የለም፤ ቢኖርም ፓምፕን ሆን ብሎ አድርቆ ፕሮግራሙ ያድነው እንደሆነ ማየት አይቻልም። መፍትሔው ሃርድዌር-ኢን-ዘ-ሉፕ የሚባለው ዘዴ ነው። ፒኤልሲው እውነተኛው፣ ነገ ፓነል ውስጥ የሚገባው ራሱ ነው። ገመዱም እውነተኛ ነው። ከገመዱ ማዶ ግን ጣቢያ የለም፤ ጣቢያ መስሎ የሚመልስ ትንሽ ኮምፒውተር አለ። ፒኤልሲው «ፓምፕ አንድ ተነሣ» ሲል ትንሹ ኮምፒውተር የታንከሩን ውሃ እያሰላ ይቀንሳል፣ የቀነሰውንም ከፍታ በሚሊአምፔር መልሶ ይልካል።

ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠራውን የፒኤልሲ ሲሙሌተር የለመዱ ሰዎች ይህ ሁሉ ገመድ ለምን ያስፈልጋል ይላሉ። ሲሙሌተሩ የፕሮግራሙን አመክንዮ ለማየት በቂ ነው። ነገር ግን የአናሎግ ሞጁል የለውም፣ መብራት አይጠፋበትም፣ ገመዱም አይበጠስም። ፓምፕ ሊያቃጥሉ የሚችሉት ደግሞ እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

የምንሠራበት ጣቢያ

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ የራስዎን ይተኩባቸው። ሦስት የጉድጓድ ፓምፖች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በሰከንድ 20 ሊትር ወደ አንድ መሰብሰቢያ ታንከር ያስገባሉ። የታንከሩ ወለል ስፋት 50 ካሬ ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር ነው፤ ስለዚህ 200 ሜትር ኩብ ይይዛል። ከታንከሩ ሁለት የግፊት ፓምፖች እያንዳንዳቸው በሰከንድ 35 ሊትር ወደ ሪዘርቫየሩ ይገፋሉ። ታንከሩ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሚልክ የከፍታ ሴንሰር አለው፤ ባዶ ሲሆን 4፣ ሙሉ ሲሆን 20። የግፊት ፓምፖቹ ታንከሩ ከ1.5 ሜትር በላይ ሲሆን እንዲነሱ፣ ከ0.6 ሜትር በታች ሲወርድ እንዲቆሙ ታዘዋል። መቆጣጠሪያው ሲመንስ ኤስ7-1200 ከኤስኤም 1231 የአናሎግ ሞጁል ጋር ነው እንበል፤ አብሮት የሚመጣው የአናሎግ መግቢያ ቮልት ብቻ ስለሚያነብ ለሚሊአምፔር ሞጁሉ ያስፈልጋል።

ቁጥሮችን ከወረቀት አይውሰዱ። የፓምፑ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ሊትር ፓምፑ አዲስ ሆኖ፣ ቧንቧውም ንጹሕ ሆኖ ነው። የድሬዳዋ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ቧንቧው ውስጡን በነጭ ቅርፊት እያጠበበ ይሄዳል፣ ፓምፑም የተጻፈውን አይሰጥም። ይልቁን የታንከሩን መግቢያ አዘግተው አንድ ፓምፕ ብቻውን ለ10 ደቂቃ ያስሠሩና ውሃው ስንት እንደወረደ በሜትር ይለኩ። 42 ሳንቲሜትር ከወረደ፣ በ50 ካሬ ሜትር ሲባዛ 21 ሜትር ኩብ ነው፤ በ600 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 35 ሊትር። ይህን መለኪያ በደንብ ይያዙት፣ በኋላ የሠሩትን ሞዴል የሚፈትኑበት እሱ ነው።

ገመዱን መዘርጋት

ለጣቢያ አስመሳይነት ተራ አርዱዊኖ ሜጋ ይበቃል። ለዚህ ሥራ ተብለው የሚሸጡ ትልልቅ ማሽኖች አሉ፤ እነሱ ግን የተሠሩት በማይክሮ ሰከንድ ለሚለዋወጥ ነገር፣ ለመኪና ሞተርና ለኃይል ኢንቨርተር ነው። የውሃ ታንከር ዝግተኛ ነው።

የፒኤልሲው መውጫ 24 ቮልት ነው፣ አርዱዊኖ ደግሞ ከ5 ቮልት በላይ ቢገባበት ይሞታል። ስለዚህ በእያንዳንዱ መውጫ መካከል ኦፕቶካፕለር ያስገቡ፤ ፒሲ817 የሚባለው የትም ይገኛል። ከፊቱ 2.2 ኪሎኦም ሬዚስተር ያድርጉ፤ 10 ሚሊአምፔር ያህል ያልፍበታል። ሬዚስተሩ ሩብ ዋት ከሆነ ልኩ ጫፍ ላይ ነውና ይግላል፤ ግማሽ ዋት ይግዙ። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከአርዱዊኖ ወደ ፒኤልሲው የሚመለሱትን «ኮንታክተር ገብቷል» እና «ውሃ እየፈሰሰ ነው» የሚሉ ምልክቶች በትንንሽ ሪሌዎች ያሳልፉ።

ለከፍታው ኤምሲፒ4725 የሚባል የዲጂታል ወደ አናሎግ መለወጫ፣ ከዚያ በኋላ ከ0–5 ቮልት ወደ 4–20 ሚሊአምፔር የሚለውጥ ሞጁል ይግጠሙ። በዚህ መስመር ላይ አንድ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ በተከታታይ ያስገቡ። የተበጠሰ ገመድ የምንሠራው በሱ ነው፤ እንደ ትንሽ ነገር አይዩት፣ ከጠረጴዛው ላይ ካለው ዕቃ ሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው እሱ ነው።

ለፒኤልሲውና ለአርዱዊኖው የተለያየ የኃይል ምንጭ ይስጡ። ፒኤልሲው መብራት ሲጠፋበት ታንከሩ መኖሩን መቀጠል አለበት፤ በእውነቱም ዓለም ፓነሉ ሲጠፋ ውሃው አብሮ አይቆምም። 380 ቮልት ወደዚህ ጠረጴዛ አያምጡ፣ ምንም አያስፈልግም።

ሞዴሉን መጻፍ

የታንከሩ ሒሳብ የገባው ሲቀነስ የወጣው ነው። የሚያሳስተው አጻጻፉ ነው። ብዙ ሰው ከፍታውን በሜትር፣ በአስርዮሽ ቁጥር ይይዝና በየ1 ሚሊሰከንዱ ትንሽ ትንሽ ይደምርበታል። አርዱዊኖ ሜጋ ላይ ያለው የአስርዮሽ ቁጥር ግን ሰባት አሃዝ ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። ልዩነቱ በሰከንድ 1 ሊትር ከሆነ በ1 ሚሊሰከንድ የሚጨመረው 0.00000002 ሜትር ነው፤ ይህ 2 ሜትር ላይ ሲደመር ይዋጣል፣ ምንም እንዳልተጨመረ ይቆጠራል። ታንከሩ ቀስ ብሎ መሙላት ሲገባው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እርስዎም ስሕተቱን ፒኤልሲው ውስጥ ሲፈልጉ ቀኑ ይመሻል። መፍትሔው ውሃውን በሚሊሊትር፣ በሙሉ ቁጥር መያዝ ነው። በሰከንድ 1 ሊትር ማለት በሚሊሰከንድ 1 ሚሊሊትር ስለሆነ ሒሳቡም ይቀላል።

```
const long DT = 20;               // ms
const long VMAX = 200000000L;     // ml
long vol = 100000000L;            // ml
unsigned long tNext = 0;

void loop() {
  if ((long)(millis() - tNext) < 0) return;
  tNext += DT;
  readInputs();                   // wells 0..3, pumps 0..2
  long qin  = wells * 20L;        // ml/ms
  long qout = (vol > 0) ? pumps * 35L : 0;
  vol = constrain(vol + (qin - qout) * DT, 0L, VMAX);
  dac.setVoltage(vol / 48840L, false);
  writeFeedback();
}
```

48840 የመጣው 200 ሚሊዮን ሚሊሊትር ለ4095 ሲካፈል ነው፤ መለወጫው 12 ቢት ስለሆነ ከፍተኛው ቁጥሩ 4095 ነው። ይህ ማለት ከፍታው በ1 ሚሊሜትር ያህል እርከን ይላካል፣ ለታንከር ከበቂ በላይ ነው። በየ20 ሚሊሰከንዱ ማስላትም ይበቃል።

`writeFeedback` ውስጥ ሁለት ነገር አይርሱ። ኮንታክተር ወዲያው አይመልስም፤ ትእዛዙ ከደረሰ ከ100 ሚሊሰከንድ በኋላ «ገብቻለሁ» ይበል። የፍሰት ማብሪያው ደግሞ ውሃው እስኪንቀሳቀስ አምስት ሰከንድ ያህል ይቆይ፣ ታንከሩ ባዶ ሲሆንም ይጥፋ። ወዲያው እንዲበራ ካደረጉት በፕሮግራምዎ ውስጥ «ፓምፕ ተነስቶ ፍሰት ካልመጣ አቁም» የሚለው ሰዓት ቆጣሪ ምንጊዜም ሳይፈተን ይቀራል።

አሁን ሞዴሉን ራሱን ይፈትኑት። በመጀመሪያ 100 ሜትር ኩብ ላይ አቁመው መስመሩን በመልቲሜትር ይለኩ፤ 12 ሚሊአምፔር፣ ፒኤልሲው ውስጥ 13824፣ ስክሪኑ ላይ 2.00 ሜትር መሆን አለባቸው። ቀጥሎ ጉድጓዶቹን አጥፍተው አንድ ፓምፕ ለ10 ደቂቃ ያስሠሩ። ስክሪኑ ጣቢያው ላይ በሜትር የለኩትን 42 ሳንቲሜትር ካሳየ ወደ ፊት ይቀጥሉ። ካላሳየ ፕሮግራሙን አይንኩ፣ ሞዴሉን ያስተካክሉ።

የተበጠሰው ገመድ

መደበኛውን ሥራ፣ መሙላትና መጉደሉን፣ የፓምፖቹን ተራ መቀያየር ቶሎ ይጨርሱት። ጊዜዎን እዚህ ላይ ያውሉት።

ታንከሩ 2 ሜትር ላይ፣ ሁለቱ ፓምፖች እየሠሩ፣ ጉድጓዶቹ ጠፍተው ሳለ በመስመሩ ላይ ያስገቡትን ማብሪያ ያጥፉ። ብዙ ሰው ገመድ ሲበጠስ ከፍታው ዜሮ ይሆናል፣ ፓምፖቹም በራሳቸው ይቆማሉ ብሎ ያስባል። ስክሪኑን ይመልከቱ፤ 4.74 ሜትር ይላል። ታንከሩ 4 ሜትር ብቻ ነው።

ምክንያቱ ሞጁሉ ነው። በ4–20 ሚሊአምፔር አሠራር ላይ ጅረቱ ከ1.185 ሚሊአምፔር በታች ሲወርድ ሞጁሉ የተበጠሰ ገመድ መሆኑን ለማሳወቅ 32767 ይሰጣል። ሙሉ ታንከር 27648 ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ያለው `NORM_X` እና `SCALE_X` ይህን እንደ ማንኛውም ቁጥር ወስደው 32767 ለ27648 አካፍለው፣ በ4 ሜትር አባዝተው 4.74 ያወጣሉ። ፕሮግራሙ ታንከሩ ከመጠን በላይ ሞልቷል ብሎ ስላመነ ፓምፖቹን አያቆምም። በሰከንድ 70 ሊትር ሲወጣ ውሃው በደቂቃ 8.4 ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ ከ2 ሜትር ተነስቶ 0.6 ሜትርን ከ17 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ያልፋል፣ ከ24 ደቂቃ በፊትም ባዶ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከ4.74 ንቅንቅ አይልም።

ሪዘርቫየሩም የከፍታ ሴንሰር ካለው፣ ያው ብልሽት እሱ ላይ ሲደርስ ሌላ መልክ አለው። «ሞልቷል» ስለሚል ፓምፖቹ ይቆማሉ። ፓምፕ አይቃጠልም፣ ሰፈር ግን ይጠማል፣ ስክሪኑም ሁሉ ደኅና ነው ይላል። ሁለቱንም ይፈትኑ።

ማስተካከያው ጥሬውን ቁጥር ወደ ሜትር ከመቀየሩ በፊት መመርመር ነው። ናሙር ኤንኢ43 የሚባለው የኢንዱስትሪ ልማድ ከ3.6 ሚሊአምፔር በታችና ከ21 በላይ ያለውን የብልሽት ምልክት ያደርገዋል፤ በኤስ7-1200 ቁጥር ሲሆኑ −691 እና 29376 ናቸው።

```
#bad := (#raw > 29376) OR (#raw < -691);
#tBad(IN := #bad, PT := T#2s);
#startOk := NOT #bad;
IF #tBad.Q THEN
    #p1Run := FALSE;
    #p2Run := FALSE;
END_IF;
```

ሁለት ሰከንድ የተሰጠው ለቅጽበታዊ ብልጭታ ፓምፕ እንዳይቆም ነው። ማስነሳቱ ግን ሁለት ሰከንድ አይጠብቅም፤ ምልክቱ እንደተበላሸ ወዲያው ይከለከላል። ይህን ካላደረጉ የቆመ ፓምፕ በእነዚያ ሁለት ሰከንዶች ውስጥ 4.74 ሜትርን አምኖ ይነሳል። ፈተናውን ይድገሙ፤ ማብሪያውን ከማጥፋትዎ እስከ መቆሙ ያለውን ጊዜ ይመዝግቡ።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ነው፤ የፒኤልሲውን 24 ቮልት ይንቀሉ፣ አንድ ደቂቃ ቆይተው ይመልሱ። ሲነሳ ከፍታውን እንደገና ሳያነብ ፓምፕ ማስነሳት የለበትም። አምስቱ ፓምፖችም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በአስር አስር ሰከንድ ልዩነት ይነሱ። የሁሉም መነሻ ጅረት ባንድ ላይ ሲመጣ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ጄኔሬተር ላይ ከሆኑም ጄኔሬተሩ ይታነቃል።

ሁለተኛው ፈተና ብዙ ጊዜ ይዘለላል፣ ግን የበለጠ የሚያጠቃው እሱ ነው። መብራቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ለሦስት መቶ ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ይዳከምና ይመለሳል። ፒኤልሲው ዩፒኤስ ላይ ከሆነ ምንም አያይም። ኮንታክተሮቹ ግን በዚያች ቅጽበት ይለቃሉ። ፒኤልሲው «ሥራ» ማለቱን ስላላቆመ፣ መብራቱ ሲመለስ አምስቱም ኮንታክተር ባንድ ጊዜ ይገባል፤ በአስር ሰከንድ ልዩነት የተጻፈው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እዚህ ላይ ዩፒኤሱ ራሱ የችግሩ አካል ነው።

አርዱዊኖው ላይ አንድ የመጫኛ ቁልፍ ያድርጉና ሲጫን የአምስቱም ኮንታክተር ምላሽ ለ300 ሚሊሰከንድ እንዲጠፋ ያድርጉት። ትክክለኛው ፕሮግራም ትእዛዝ እያለ ምላሽ መጥፋቱን ባየ ጊዜ ትእዛዙን ያነሳል፣ ከዚያ በተራ ያስነሳል። መዘግየቱን በጥንቃቄ ይምረጡ፤ አንድ ሰከንድ ከጠበቀ ብልጭታው አልፏል፣ ሁሉም ተመልሰው ገብተዋል። 100 ሚሊሰከንድ ቢሆን ደግሞ ፓምፕ ገና ሲነሳ ኮንታክተሩ እስኪመልስ ያለውን ጊዜ እንደ ብልሽት ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ መነሻውንና መሐሉን ይለዩ፦ ሲነሳ አንድ ሰከንድ ይታገሱ፣ አንዴ ከገባ በኋላ ግን 50 ሚሊሰከንድ ይበቃል።

በካልሲየም የተያዘ ሴንሰር

እዚህ ከተማ ውስጥ ማንቆርቆሪያ ያፈላ ሁሉ ያንን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ታንከር ውስጥ የተንጠለጠለ ሴንሰርም ሆነ ተንሳፋፊ እንዲሁ ይለብሳል። ገመዱ አልተበጠሰም፣ ጅረቱም ከ4 እስከ 20 መካከል ነው፣ ግን አይንቀሳቀስም። ከላይ የጻፍነው ምርመራ ይህን አያየውም።

አርዱዊኖው ላይ ሌላ ቁልፍ ጨምረው፣ ሲጫን ሒሳቡ እየቀጠለ የሚላከው ከፍታ ባለበት እንዲቆም ያድርጉ። ፕሮግራሙ ሊያውቀው የሚችለው በአመክንዮ ነው፦ ጉድጓዶቹ ሁሉ ቆመው አንድ ፓምፕ 10 ደቂቃ ከሠራ ከፍታው 42 ሳንቲሜትር መውረድ አለበት፤ 5 ሳንቲሜትር እንኳ ካልወረደ አንድ ነገር ውሸት ነው። ይህን ምርመራ ጉድጓዶች እየሠሩ ሳለ አይጠቀሙበት። ሁለት ጉድጓድ 40 ሊትር እያስገባ አንድ ፓምፕ 35 ሲያወጣ ከፍታው በ10 ደቂቃ በ6 ሳንቲሜትር ይጨምራል እንጂ ስለማይወርድ ትክክለኛውን ሴንሰር በሐሰት ይከሰዋል። በሐሰት የሚጮህ ማንቂያ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ኦፕሬተሩ ይዘጋዋል። ጉድጓዶቹ ጨርሶ የማይቆሙበት ጣቢያ ከሆነ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ 0.6 ሜትር ላይ ራሱን የቻለ፣ በፒኤልሲ ሳያልፍ ኮንታክተሩን የሚቆርጥ ሁለተኛ ማብሪያ ያስገጥሙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ታንከር እስኪጎድል መጠበቅ ስለሚሰለች ሰው የሞዴሉን ሰዓት ስድሳ ጊዜ ያፈጥነዋል። የፒኤልሲው ሰዓት ቆጣሪዎች ግን አይፈጥኑም፤ የሁለት ሰከንዱ መዘግየት በሞዴሉ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ይሆንና ትክክለኛ ፕሮግራም የወደቀ ይመስላል። ማፍጠኑን ወደሚፈልጉት ከፍታ ለመድረስ ብቻ ይጠቀሙ፣ ከዚያ ወደ መደበኛው ይመልሱ፣ ፈተናውንም በመደበኛው ፍጥነት ያድርጉ።

ለጣቢያው የሚቀረው

ጠረጴዛው የሞተሩን የመዞሪያ አቅጣጫ አይነግርዎትም። ፓምፕ በድንገት ሲቆም ወደ ሪዘርቫየሩ በሚወጣው ረጅም ቧንቧ ውስጥ የሚመታውን የውሃ ግፊትም አያሳይም፤ የጻፍነው ሞዴል ቧንቧውን ጨርሶ አያውቀውም። ከኃይል ገመድ ጎን የተዘረጋ የሴንሰር ገመድ የሚያመጣውን ረብሻም እንዲሁ። እነዚህን ጣቢያው ላይ አንድ በአንድ ይፈትሹ።

ወደ ጣቢያው ሲሄዱ ከጠረጴዛው ላይ የመዘገቧቸውን ጊዜያት ይዘው ይሂዱ። ታንከሩ ከ2 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ኦፕሬተሩ የአደጋ ማቆሚያው ላይ እጁን አድርጎ፣ አንድ ፓምፕ ብቻ እየሠራ የሴንሰሩን ገመድ ከተርሚናሉ ይንቀሉ። ፓምፑ በሁለት ሰከንድ ያህል ውስጥ ካልቆመ ፓነሉ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ወይም የሞጁሉ ቅንብር ጠረጴዛው ላይ የፈተኑት አይደለም፤ ገመዱን መልሰው ፕሮግራሙን ከኮምፒውተርዎ ጋር ያመሳክሩ፣ ሁለተኛውን ፓምፕ ከዚያ በፊት አያስነሱ።